ከነርሲንግ የሙያ ፈቃድ ፈተና በፊት የሚመጣ ጭንቀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ኤንክሌክስን ለሚፈተኑ ነርሶች ነው። ፈተናው ከባድ መሆኑን ሰው ሁሉ ነግሯችኋል፣ እኛ አንደግመውም። እዚህ የምናነሳው አንድ ጉዳይ ነው፦ ትምህርቱን በደንብ ያጠና ሰው ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ለምን ይርበተበታል? ሳምንታት ሲቀሩትና ሰዓታት ሲቀሩትስ ምን ማድረግ ይችላል?

ሞዴል ፈተና ላይ ጥሩ ውጤት አመጣለሁ። ታዲያ እውነተኛው ፈተና ለምን እንዲህ ያስጨንቀኛል?

የፈተና ጭንቀት ሁለት ነገር አንድ ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው። አንደኛው የሰውነት ነው፤ ልብ ይመታል፣ መዳፍ ያልባል፣ ሆድ ይረበሻል። ሁለተኛው የሐሳብ ነው፤ “ብወድቅስ? ቤተሰብ ምን ይላል? ሥራው ይቀርብኛል” የሚለው ወሬ።

ብዙ ሰው የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው። የበለጠ የሚጎዳው ግን ሁለተኛው ነው። ጥያቄ ስታነቡ የታካሚውን ዕድሜ፣ የላቦራቶሪ ውጤቱን፣ መድኃኒቱንና አራቱን ምርጫዎች ለአፍታ ጭንቅላታችሁ ውስጥ መያዝ አለባችሁ። ያ ቦታ ጠባብ ነው። “ብወድቅስ” የሚለው ሐሳብ ከገባበት ለላቦራቶሪ ውጤቱ የሚተርፍ ቦታ የለም። ጥያቄውን ሦስት ጊዜ አንብባችሁ ምንም የማይገባችሁ ለዚህ ነው። ዕውቀቱ አልጠፋም፣ ቦታው ነው የተያዘው።

ስለዚህ መፍትሔውም ለየብቻ ነው። የልብ ምቱን ትንፋሽ ያረጋጋዋል። ወሬውን ግን ትንፋሽ ብቻውን አያቆመውም። የሚቆመው ወሬውን የሚቀሰቅሰው ነገር ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ስታውቁና ስትለማመዱት ነው። ኤንክሌክስ ላይ ደግሞ ቀስቃሹ በአብዛኛው የፈተናው አሠራር ራሱ ነው።

የፈተናው አሠራር እንዴት ጭንቀት ይፈጥራል?

ትምህርት ቤት የለመድነው ፈተና ለሁሉም አንድ ነው። የሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ይመልሳል፣ ሲመልስም ይታወቀዋል። ኤንክሌክስ እንዲህ አይደለም። አንድ ጥያቄ በመለሳችሁ ቁጥር ኮምፒውተሩ ችሎታችሁን እንደገና ይገምትና ቀጣዩን ለእናንተ አመዛዝኖ ያመጣል። ከትክክለኛ መልስ በኋላ ከበድ ያለ፣ ከስህተት በኋላ ቀለል ያለ። የድሮ ሚዛን ላይ ድንጋይ እየጨመሩና እየቀነሱ እንደ መመዘን ነው።

የሚፈልገውም ግማሽ በግማሽ ልትመልሱት የምትችሉትን ጥያቄ ነው። ይህን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። ጎበዟም፣ መካከለኛዋም፣ ደካማዋም ከግማሽ ያህሉ ጥያቄ ጋር ትታገላለች። ጎበዟ የምትታገለው ከባዱን ይዛ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ዕድሜ ልኩን ዘጠና ከመቶ ለለመደ ተማሪ ግን ይህ ስሜት “እየወደቅኩ ነው” ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ፈተና ላይ “እየከበደኝ ነው” የሚለው ስሜት ስለ ውጤታችሁ ምንም አይነግራችሁም። የሚያልፉትም የሚወድቁትም ይሰማቸዋል።

በዚህ ላይ ሌላ የሚያስደነግጥ ነገር ይጨመራል። ከምታዩዋቸው ጥያቄዎች 15ቱ ለሙከራ የገቡ ናቸው፣ አይቆጠሩም። የትኞቹ እንደሆኑ ግን ምልክት የለም። “ይህን ነገር በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም” ያሰኛችሁ ጥያቄ ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ ተመልሶ ማረምም የለም። ያለፈው አለፈ።

85ኛው ላይ ቢዘጋብኝ ወይም ከዚያ ቢያልፍ ምን ማለት ነው?

ትንሹ የጥያቄ ብዛት 85፣ ትልቁ 150፣ ጠቅላላ ሰዓቱ 5 ነው። ኮምፒውተሩ ከማለፊያው መስመር በላይ ወይም በታች መሆናችሁን 95 ከመቶ እርግጠኛ ሲሆን ያቆማል። 85 ላይ መዘጋቱ ማለፍም ሊሆን ይችላል፣ መውደቅም።

86ኛው ጥያቄ ከመጣ ደግሞ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ገና አልተወሰነም። ብዙ ተፈታኝ የሚፈርሰው እዚህች ጋ ነው። “በቃ አለቀልኝ” ብሎ መልስ መቸኮል ይጀምራል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግን መስመሩ አካባቢ ነበር። የሚጥለው ከዚያ በኋላ ያለው ችኮላ ነው።

ሦስት አራት ሳምንት ሲቀረኝ ምን ልለማመድ?

አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ ተጨማሪ ምዕራፍ ይቸክላል። እኔ የምለው ያንን አታቁሙ፣ ግን ከየቀኑ ጊዜ ላይ ቀንሳችሁ ስሜቱን ራሱን ተለማመዱ ነው። እንዴት የሚለውን በአንድ ምሳሌ እንየው።

አንዲት ነርስ አለች እንበል። ሆስፒታል ተረኛ ሆና እየሠራች ታጠናለች። አንድ ጥያቄ ሠርታ ወዲያው ማብራሪያውን ስታነብ ጎበዝ ናት። ሰዓት ተይዞባት ስትሠራ ግን 40ኛው ጥያቄ አካባቢ ትበታተናለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዋ የት እንደምትፈርስ ማግኘት ነው። ሞዴል ፈተና ስትሠራ አጠገቧ ወረቀት ታስቀምጣለች። ልቧ በዘለለ ቁጥር የጥያቄውን ቁጥር ጽፋ ከጎኑ በሦስት አራት ቃል የመጣባትን ሐሳብ ታሰፍራለች፤ “ሁለት ተከታታይ ሳትኩ”፣ “ይህን መድኃኒት አላውቀውም”፣ “ጊዜ እያለቀ ነው”። ሳምንቱ ሲያልቅ ወረቀቷን ታያለች። ልብ ወይም ኩላሊት ላይ የተሰበሰበ ነገር የለም። የተሰበሰበው “ትክክል የሆኑትን ሁሉ ምረጥ” የሚሉ ጥያቄዎች ላይ ነው። ያውም ሁለት ከባድ ጥያቄ ተከታትሎ ሲመጣ። ስለዚህ የጎደላት ትምህርት ሳይሆን ልምምድ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሆን ብላ ከጥያቄ ባንኩ ከባድ የተባሉትን ብቻ ትመርጣለች። 40 ጥያቄ፣ በመሃል ማብራሪያ ሳታይ፣ ወደ ኋላ ሳትመለስ፣ እውነተኛው ፈተና በሚጀምርበት ሰዓት። ግማሹን ብትስት የሚጠበቅ ነው። የዚህ ልምምድ ዓላማ ነጥብ አይደለም። ግማሹን እየሳቱ 40ኛው ላይ እንደ መጀመሪያው ተረጋግቶ ማንበብ መቻል ነው። ነጥቡን የምታየው በማግስቱ ነው፣ ማብራሪያውንም እንደዚያው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጓደኛዋን ታስገባለች። ጓደኛዋ ከ85 እስከ 150 ካለው አንድ ቁጥር በልቧ ትይዛለች፣ ለተፈታኟ አትነግራትም። እዚያ ቁጥር ላይ ስትደርስ “በቃ” ትላታለች። አንዴ 85 ላይ፣ አንዴ 131 ላይ ልታቆማት ትችላለች። ይህች ልምምድ ቀላል ትመስላለች፣ ግን 86ኛው ጥያቄ ሲመጣ የሚሰማውን ድንጋጤ የምታደነዝዘው እሷ ናት። አጠገቧ የሚያግዝ ጓደኛ ከሌለ ስልክ ላይ ያለ ሰው ቁጥሩን በልቡ ይዞ እዚያ ስትደርስ “በቃ” እንዲላት ማድረግ ይቻላል።

የመጨረሻው ሳምንት ቀነስ ይላል። በቀን ከ30 እስከ 40 ጥያቄ ይበቃል። ሙሉ ሞዴል ፈተና ካለ ቢያንስ ሦስት ቀን ሲቀር ይጠናቀቅ። በዋዜማው የመጣ ዝቅተኛ ነጥብ ለማረም ጊዜ አይሰጥም፣ እንቅልፍ ግን ይወስዳል።

ጥያቄ እያነበብኩ ጭንቅላቴ ባዶ ሲሆን ምን ላድርግ?

በምሳሌ ይሻላል። ጥያቄው አራት ታካሚዎችን ሰጥቷችሁ “መጀመሪያ ማንን ታያለህ?” ይላል።

አንደኛው ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ ሕመሙን ከ10 ስድስት ይለዋል። ሁለተኛዋ የስኳር ታካሚ ናት፣ ስኳሯ 190። ሦስተኛው ሲኦፒዲ ያለበት ነው፣ የኦክስጅን ሳቹሬሽኑ 90 ከመቶ። አራተኛዋ የልብ ድካም ታካሚ ናት፣ ዲጎክሲንና ፉሮሴማይድ ትወስዳለች፣ ፖታሲየሟ 2.8፣ የልብ ምቷ ወጥ አይደለም።

የተደናገጠ ሰው ዓይኑ 90 ላይ ይለጠፋል። “ኦክስጅን! መተንፈሻ ይቀድማል!” ብሎ ሦስተኛውን ይመርጣል። ቸኩሎ የያዘው ሕግ ትክክል ነው፣ ቦታው ግን እዚህ አይደለም። ለሲኦፒዲ ታካሚ ከ88 እስከ 92 ብዙ ጊዜ የሚፈለገው መጠን ነው፣ አዲስ ነገር የለበትም።

ጭንቅላት ባዶ ሲሆን የሚሠራው ነገር ዕውቀት ለማስታወስ መታገል ሳይሆን ሁሌም አንድ የሆነ አነባበብ ይዞ መግባት ነው። መጀመሪያ የጥያቄውን የመጨረሻ መስመር አንብቡ፤ የሚጠይቀው “ማንን በቅድሚያ” ነው። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ምርጫ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይህ ለዚህ ታካሚ የሚጠበቅ ነው ወይስ ያልተጠበቀ? የቀዶ ሕክምና ሕመም በሁለተኛው ቀን ይጠበቃል። ስኳር 190 ለስኳር ታካሚ አጣዳፊ አይደለም። 90 ለሲኦፒዲ ይጠበቃል። አራተኛዋ ጋ ስትደርሱ ግን ፉሮሴማይድ ፖታሲየም ያወርዳል፣ ፖታሲየም ሲወርድ ዲጎክሲን መርዛማ ይሆናል፣ የልብ ምቷም ተዛብቷል። መልሱ እሷ ናት።

ይህን አነባበብ ሦስቱንም ሳምንት በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ካደረጋችሁት ስትደነግጡም እጃችሁ በልምድ ይሠራዋል። ተረኛ ሆናችሁ ድንገተኛ ሲገባ የምታደርጉት እኮ ይኸው ነው፤ ፈርታችሁም ቢሆን መተንፈሻ፣ ትንፋሽ፣ የደም ዝውውር እያላችሁ በቅደም ተከተል ትሄዳላችሁ።

በዋዜማው ምሽት እንቅልፍ እምቢ ካለኝስ?

በጊዜ ገብታችሁ አትተኙ። ከለመዳችሁት ሁለት ሰዓት ቀድሞ አልጋ ውስጥ መግባት ጣሪያ እያዩ ለመጨነቅ ነው የሚጠቅመው። በለመዳችሁት ሰዓት ግቡ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተገላብጣችሁ ካልመጣ ተነሡና ደብዘዝ ያለ መብራት ላይ ቀለል ያለ ነገር ሥሩ፣ ሲያንቀላፋችሁ ተመለሱ። አንድ ሌሊት ማጣት የተጠናን ትምህርት አያጠፋም። ይልቅ የሚያስፈልገው ከዚያ በፊት ያለው ሳምንት እንቅልፍ ነው። በተለይ የሌሊት ተረኛ ከሆናችሁ የመጨረሻውን ሳምንት ቀን እንዲሆንላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ቡናን በተመለከተ፣ ከጠጣችሁት ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ደም ውስጥ አለ። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ይቅር። በፈተናው ጠዋት ግን የለመዳችሁትን ያህል ጠጡ። ያልለመደ ሰው ሊነቃ ብሎ ቢጠጣ የልብ ምቱን ጭንቀት ነው ብሎ ይተረጉመዋል። የለመደ ሰው ቢተወው ደግሞ ራስ ምታት ይዞት ይገባል።

የመጨረሻዎቹን ሰዓታት እንዴት ላሳልፍ?

መታወቂያችሁ ላይ ያለው ስም ለፈተናው ከተመዘገባችሁበት ጋር አንድ መሆኑን የምታዩት በዚያን ዕለት ሳይሆን ሳምንታት ቀድማችሁ ነው። ጠዋት ላይ ይህ ጥያቄ መነሣት የለበትም። ከቀጠሮው 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። መዳፋችሁን በማሽን ያነባሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ስልካችሁን ያስቀምጡታል። ለማስታወሻ የሚጠፋ ሰሌዳና ማርከር ይሰጣችኋል። ይህን የማያውቅ ሰው ፍተሻው ላይ ይደነግጣል፣ የሚያውቅ ሰው ግን ተራውን ይጠብቃል።

ከመግባታችሁ በፊት፣ ቤት ሆናችሁ ወይም መኪና ውስጥ፣ አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ የምትፈሩትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉት። ሳታሳምሩ፣ ሳታርሙ። “እናቴን አሳፍራለሁ ብዬ ፈርቻለሁ” ከሆነ እንዲያ ብላችሁ ጻፉ። ተሞክሮ የታየ ዘዴ ነው፣ በተለይ በጣም የሚጨነቁትን ይረዳል። ወረቀቱን ቅደዱትና ጣሉት። በዚህ ሰዓት የጥናት ማስታወሻ ባትገልጡ ይሻላል፤ የምታገኙት የማታውቁትን ነገር ነው።

ቀጥሎ ትንፋሽ። በአፍንጫ አራት እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ ስድስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ሦስት አራት ደቂቃ። ዋናው የማስወጣቱ መርዘም ነው፣ የልብ ምትን ዝቅ የሚያደርገው እሱ ነው። በኃይል እየሳባችሁ ከሆነ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ይከብዳል፤ ያኔ አየሩን ቀንሱት። አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህን መጀመሪያ የምትሞክሩት በር ላይ ከሆነ ብዙም አይሠራም። በሞዴል ፈተናዎቹ መሃል ስትለማመዱት ነው ሰውነት የሚያውቀው።

በር ላይ ከሌሎች ተፈታኞች ጋር “ይህን አጥንታችኋል?” የሚል ጨዋታ አትግቡ። ሰላም ብላችሁ ዞር በሉ።

ፈተናው መሃል ድንገት ቢይዘኝስ?

እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሡ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ደንግጦ ከመጫን ያድናል። ሁለቱን እግር መሬት ላይ አጥብቃችሁ ጫኑ፣ ትከሻችሁን ወደ ጆሮ ስባችሁ አምስት ቆጥራችሁ ልቀቁት። አምስት ረጃጅም ትንፋሽ አስወጡ። ሰሌዳው ላይ “ይህ ጥያቄ ብቻ” ብላችሁ ጻፉና ወደ መጨረሻው መስመር ተመለሱ።

“ሰዓት ይበላብኛል” የሚል ካለ፣ 5 ሰዓት ለ150 ጥያቄ ሲካፈል ለአንዱ 2 ደቂቃ ይደርሳል፣ ያውም እስከ መጨረሻው ከሄዳችሁ። አንድ ደቂቃ ተኩል ማረፍ አይጥላችሁም። የሚጥለው አሥር ጥያቄ በድንጋጤ እየገመቱ መጫን ነው፤ ኮምፒውተሩ ግምታችሁን ያወርዳል፣ ለመመለስም ብዙ ጥያቄ ይፈጃል። ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ እረፍት ትፈልጋላችሁ ወይ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ሰዓቱ መቁጠሩን ባያቆምም ውጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ።

ጓደኛዬ ፕሮፕራኖሎል ውሰጂ አለችኝ። ልውሰድ?

ሐኪም ካላዘዘላችሁ አይሆንም። አስም ያለበትን ሰው ሊጎዳ እንደሚችል፣ ኢንሱሊን በሚወስድ ሰው ላይም የስኳር መውረድን ምልክት እንደሚደብቅ ነርስ ናችሁና ታውቃላችሁ። የሚያረጋጋው የእጅ መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ነው፣ ወሬውን አይደለም። ሐኪም ቢያዝላችሁም የመጀመሪያው ኪኒን የፈተናው ጠዋት መሆን የለበትም። ለሞዴል ፈተና ቀን ወስዳችሁ እንዴት እንደሚያደርጋችሁ እዩት።

ጭንቀቴ ሕክምና የምከታተልለት ከሆነ የተለየ ሁኔታ ይመቻችልኛል?

ሊመቻች ይችላል። ተጨማሪ ሰዓት ወይም ለብቻ የሆነ ክፍል የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የሚጠየቀው ፈተና ማዕከሉ ሳይሆን ፈቃዱን የሚሰጣችሁ የነርሲንግ ተቆጣጣሪ አካል ነው። ማስረጃ ከሚከታተላችሁ ባለሙያ ያስፈልጋል። ስትመዘገቡ አብራችሁ ጠይቁ፣ ተፈቅዶ ሳይነገራችሁም የፈተና ቀን አትያዙ። ቀን ከተያዘ በኋላ የመጣ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ቀጠሮውን እንደገና ማስተካከል ይጠይቃል።

ብወድቅስ?

ይህን ጥያቄ ቀድማችሁ መልሱት፣ ምክንያቱም መልስ የሌለው “ብወድቅስ” ነው ፈተናው መሃል የሚመጣው። መልሱ የታወቀ ነው፦ በአብዛኛው ከ45 ቀን በኋላ እንደገና መቀመጥ ይቻላል። የወደቀ ሰው በየዘርፉ ከማለፊያው በላይ፣ አጠገቡ ወይም በታች መሆኑን የሚያሳይ ሪፖርት ይደርሰዋል። “በታች” ከሚለው ይጀምራል፣ ከዚያ “አጠገቡ” ያሉትን ይይዛል። ከፈተናው ሳምንት በፊት ይህንን በአንድ ገጽ ጻፉት፦ ለማን ትነግራላችሁ፣ ሥራ ቦታ ምን ትላላችሁ፣ የድጋሚ ክፍያውን ከየት ታመጣላችሁ፣ ጥናቱን በስንተኛው ቀን ትጀምራላችሁ። ወረቀቱን ቤት ትታችሁ ሂዱ።

እንደጨረስኩ መልሶቼን ጓደኞቼ ጋር ላመሳክር?

ተዉት። የምታስታውሱት የተጠራጠራችሁባቸውን ብቻ ነው፣ ከእነሱ ውስጥ ደግሞ የማይቆጠሩት ይኖራሉ። የፈተና ጥያቄ ማውራት ራሱ ከመፈተናችሁ በፊት የምትስማሙበትን የምስጢር ደንብ ይጥሳል፣ ውጤት እስከማሰረዝም ሊያደርስ ይችላል።